ስልኩ ሲጠራ ዋይፋዩ ለምን ይጠፋል?

የቤት ስልክና ኢንተርኔት መስመር ጥገና ሥራዬ ነው። ደንበኞቼ ደጋግመው ከሚነግሩኝ ችግር አንዱ «ስልኩ ሲጠራ ዋይፋዩ ይጠፋል» የሚለው ነው። አብዛኞቹ ሞደሙ የተበላሸ ስለሚመስላቸው ሌላ ይገዛሉ። አዲሱም ያንኑ ያደርጋል፤ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ግድግዳው ላይ በተዘረጋው ሽቦ ነውና።

በአንዱ የመዳብ መስመር ላይ ድምፅና ኢንተርኔት አብረው ይጓዛሉ። ድምፅ ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ያለውን ቦታ ይይዛል፤ ኤዲኤስኤል ደግሞ ከ25 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን። ስልኩ ግን ድርሻዬ ይህ ነው ብሎ አይወሰንም። ሲጠራ ወይም እጀታው ሲነሳ የመስመሩን የኤሌክትሪክ ጠባይ ይለውጣል፣ የኢንተርኔቱንም ሞገድ ይረብሻል። ማይክሮ ፊልተር የምትባለው ትንሽ ሳጥን ሥራዋ ከፍተኛው ሞገድ ወደ ስልኩ እንዳይገባ፣ የስልኩም ረብሻ ወደ መስመሩ እንዳይወጣ ማገድ ነው። ብዙ ሰው ስፕሊተር የሚላት ሦስት ቀዳዳ ያላት ሳጥንም ውስጧ ይኸው ፊልተር አለ። ከሞደሙ ጋር አንዷ ትመጣለች። ቤቱ ውስጥ ሦስት ስልክ ካለ ግን ሁለቱ ያለ ፊልተር ቀሩ ማለት ነው።

በክረምቱ መውጫ ገርጂ አካባቢ አንድ ቤት ተጠርቼ ሄጄ ነበር። የቤቱ ልጅ በኢንተርኔት እያስተማረች ነው የምትተዳደረው። በሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ትምህርቱ መሀል ላይ ተቋርጦባት ሁለት ተማሪዎች ትተዋት ሄደዋል። እናቷ «ልጄ፣ ሦስተኛ ሞደም ልግዛ እንዴ?» አሉኝ። «ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ መስመሩን እንየው» አልኳቸው።

በኮምፒውተሯ 192.168.1.1 ብዬ የሞደሙን ገጽ ከፈትኩ። Line Attenuation የሚለው 28 ዴሲቤል ይላል። ይህ ሞገዱ መንገድ ላይ ምን ያህል እንደደከመ ይናገራል፤ በግምት ከማሠራጫው 2 ኪሎ ሜትር እንደማለት ነው። ለሚከፍሉበት 4 ሜጋ ቢት ይበቃል። SNR Margin ግን 5 ብቻ ነበር። ይህ ደግሞ ሞገዱ ከረብሻው በላይ የቀረው ትርፍ ነው። ከ6 በታች ሲወርድ መስመሩ በትንሽ ነገር ይቋረጣል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን እፎይ ይባላል። ከሥሩ የCRC ቁጥር እያየሁት ይጨምራል፤ ተበላሽተው የደረሱ ጥቅሎች ቆጠራ ነው።

ከዚያ መስመሩ ከውጭ የሚገባበትን የመጀመሪያ ሶኬት ፈትቼ ወደ ውስጥ የሚሄዱትን ሽቦዎች ሁሉ ነቀልኩና ሞደሙን ብቻ ሰካሁ። ትርፉ 13 ሆነ፣ CRC ቆመ። ጥፋቱ እንግዲህ ከአጥር ውጭ አይደለም።

አንድ በአንድ መመለስ ጀመርኩ። የሳሎኑ ስልክ ስፕሊተር ነበረው፤ ምንም አልለወጠም። የመኝታ ቤቱ ስልክ ያለ ፊልተር ሲገባ ትርፉ ወደ 9 ወረደ። እጀታውን ሳነሳው የሞደሙ የDSL መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ፊልተር ገጥሜ ስደግመው 12 ላይ ቆመ።

ያልጠበቅሁት ሦስተኛው ነው። ወደ ሰርቪስ ቤት የሚሄደውን ሽቦ ሳገናኝ ጫፉ ላይ ስልክ ሳይኖር እንኳ ወደ 9 ተመለሰ። ድሮ ተከራይ የነበረበት ክፍል ነው፤ ሃያ ሜትር ያህል ጠፍጣፋ ሽቦ፣ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሎ፣ በዝናብ አረንጓዴ ዝገት ይዞ። እንዲህ ያለው ባዶ ቅርንጫፍ የገባበትን ሞገድ ከጫፉ እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ ይልካል፣ ዋናውንም ያምታታል። ጠፍጣፋ ሽቦ ደግሞ እንደ ተጠማዘዘው ጥንድ ረብሻ መከላከል አይችልም። ከመገጣጠሚያው ቆርጬ ጣልኩት። ሌሊቱን ሙሉ 12 ላይ እንዳደረ ልጅቷ በማግስቱ ነገረችኝ። ሞደም አልተገዛም።

ፊልተር ስትገጥሙ ሞደሙን PHONE በሚለው ቀዳዳ አትሰኩት፤ ያ ቀዳዳ የኢንተርኔቱን ሞገድ ስለሚያግድ ጨርሶ አይገናኝም። በዚህ ምክንያት ብቻ ሁለት ቤት ተጠርቼ አውቃለሁ፤ ሂሳብ ለመቀበል እንኳ ያሳፍራል።

መሣሪያ ለሌለው ሰው ጆሮ ይበቃል። ሁሉንም ነቅላችሁ አንድ ስልክ ብቻ በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ሰኩ፤ አንድ ቁጥር ተጫኑና ዝምታውን አዳምጡ። በዚያም ሁኔታ ቸር ቸር ወይም ጠጠር እንደሚፈጭ ያለ ድምፅ ከተሰማ ችግሩ ውጭ ነው፤ ብዙ ጊዜም ውኃ የገባበት መገጣጠሚያ ነው። ለስልክ ድርጅቱ ስታመለክቱ «ኢንተርኔት ቀረፈፈ» ከማለት «ሁሉም ተነቅሎ በመጀመሪያው ሶኬት ላይ ድምፁ ይንጫጫል» በሉ። ሠራተኛው ሞደም ሳይሆን ምሰሶ ለማየት ይመጣል።

Line Attenuation 55 እና ከዚያ በላይ በሚያሳይበት ቤት ግን ሽቦውን ሁሉ ባስተካክለውም ፍጥነቱ ብዙም አይጨምርም። እዚያ ያለው ጉዳይ ርቀት ነው፤ መጠየቅ ያለበትም ፋይበር በሰፈሩ መድረስ አለመድረሱ ነው።