ከበሩ ማዶ የቀረው ባለቅኔ

በምዕራብ ህንድ፣ በማሃራሽትራ ግዛት፣ ፓንዳርፑር በተባለች ከተማ ቪትሃል የሚባለው አምላክ ቤተ መቅደስ አለ። ከዋናው በር ደረጃዎች ሥር የ14ኛው ክፍለ ዘመን ባለቅኔ የቾካሜላ መቃብር ይገኛል። ቾካሜላ በሕይወት ሳለ ያንን በር እንዲያልፍ አልተፈቀደለትም። የተወለደው «የማይነኩ» ተብለው ከሚገለሉት ከማሃሮች ወገን ነው።

ማሃሮች የሚኖሩት ከመንደር ውጪ ነበር። የሞተ ከብት እየጎተቱ ያወጣሉ፣ የመንደሩን ቅጥር ይጠግናሉ። የነካቸው ሁሉ እንደሚረክስ ይታመን ነበር። በአንጻሩ ብራህማን ሆኖ የተወለደ ሰው በሳንስክሪት ይጸልያል፣ የአምልኮውንም ሥርዓት ይመራል።

ይህን ከሥሩ የሞገተው ባክቲ የሚባለው እንቅስቃሴ ነው። ከደቡብ ህንድ ታሚሎች በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ወደ ሰሜን ተስፋፋ። አምላክን ለማግኘት ፍቅር በቂ ነው፤ ስሙንም ማንም ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊጠራው ይችላል ሲል አስተማረ። በማሃራሽትራ በማራቲ ቋንቋ ከተቀኙት መካከል ልብስ ሰፊው ናምዴቭ፣ ሸክላ ሠሪው ጎራ እና የቤት ሠራተኛዋ ጃናባይ ይገኙበታል።

ቾካሜላ ናምዴቭን መምህሩ አድርጎ ተከተለ። በቅኔዎቹ ርኩሰት ከየት እንደሚጀምር ይጠይቃል፤ ከርኩሰት ነጻ የሆነ አካል ካለ ማን እንደሆነ እንዲነግሩት ይሞግታል። ሌላ ቦታ ግን ዕጣውን ባለፈ ሕይወቱ ሥራ ያመካኛል። ልጁ ካርማሜላ ይህን አልተቀበለም፤ እንዲህ ባለ ወገን እንዲወለድ ያደረገውን አምላኩን ፊት ለፊት ይወቅሰዋል። የበለጠ የሚያሳምነኝ የልጁ ቁጣ ነው።

በትውፊቱ መሠረት ቾካሜላ የሞተው በ1338 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። ማንጋልቬዳ በምትባል ከተማ ቅጥር ሲሠራ ግንቡ ተደርምሶ ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ቀበረው። ናምዴቭ የቪትሃልን ስም ሲጠሩ የሰማቸውን አጥንቶች ለይቶ ወደ ፓንዳርፑር እንዳመጣቸው ይነገራል።

ዝማሬው ግን በሩን አላስከፈተም። ምዕመናን ወደ ፓንዳርፑር በእግር የሚያደርጉትን ጉዞ አብራ የተጓዘችው አንትሮፖሎጂስት ኢራዋቲ ካርቬ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንኳ አብረው የሚዘምሩ ሰዎች በዘር ተለይተው ሲበሉ አይታ አዝናለች። ቤተ መቅደሱ ለዳሊቶች የተከፈተው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለዚህም መምህሩ ሳኔ ጉሩጂ በጾም አድማ መታገል ነበረበት።

እሱ ራሱ ማሃር የነበረው ቢ. አር. አምቤድካር በ1948 ያሳተመውን ስለማይነኩት ወገኖች የሚያወሳ መጽሐፍ ለሦስት የባክቲ ቅዱሳን መታሰቢያ አበረከተ፤ አንዱ ቾካሜላ ነው። ቅዱሳኑን ቢያከብርም የሰው ልጆች በአምላክ ፊት እኩል ናቸው ማለታቸው በምድር ላይ ያለውን መደብ እንዳላፈረሰው ተከራከረ። በ1956 ከብዙ መቶ ሺህ ተከታዮቹ ጋር የሂንዱ ሃይማኖትን ትቶ ቡድሂስት ሆነ።