ተደርድሮ የመጣውን የማያፈርሰው ቲምሶርት

የአንድ ትምህርት ቤት መምህር የሦስት ሴክሽን የስም ዝርዝር ተሰጥቶት «በአንድ መዝገብ አጠቃልለው» ቢባል የሚያደርገው የታወቀ ነው። ሦስቱም ዝርዝሮች በፊደል ተራ ተጽፈው መጥተዋል። ስሞቹን አንድ በአንድ ቆራርጦ፣ ዘንቢል ውስጥ ከቶ፣ በጥብጦ እንደ አዲስ አይደረድርም። ሦስቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ከየአናታቸው ቀዳሚውን ስም እየመረጠ ወደ መዝገቡ ይገለብጣል። ሥራው ገሚሱ ቀድሞ አልቆለታል።

በመማሪያ መጻሕፍት የሚገኙት የመደርደሪያ ስልቶች ግን ይህን አያዩም። «መርጅ ሶርት» የሚባለው የታወቀ ዘዴ የተሰጠውን ዝርዝር ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሾቹን ደግሞ ለሁለት፣ አንድ አንድ ቁጥር እስኪቀር ድረስ። ከዚያ መልሶ ጥንድ ጥንዱን እያዋሃደ ይመጣል። ዝርዝሩ ከመጀመሪያውም ተደርድሮ ቢሆን እንኳ ያንኑ መበታተንና መሰብሰብ ይፈጽማል። ተደርድረው የመጡ አንድ ሚሊዮን ቁጥሮችን ቢሰጡት 10 ሚሊዮን ያህል ጊዜ ያነጻጽራል።

«ኩዊክ ሶርት»ማ ከዚህም ይብሳል። በቀላሉ አጻጻፉ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር መለኪያ አድርጎ ሌሎቹን ከሱ በታችና ከሱ በላይ ብሎ ይከፍላል። ዝርዝሩ ተደርድሮ ከመጣ ከመለኪያው በታች የሚሆን አንድም ቁጥር ስለማይገኝ፣ በየዙሩ አንድ ቁጥር ብቻ እየቀነሰ ይሄዳል። ለአንድ ሚሊዮን ቁጥር ይህ ወደ 500 ቢሊዮን ንጽጽር ይደርሳል። ለሰው ከሁሉ የቀለለው ሥራ ለዚህ ዘዴ ከሁሉ የከበደው ነው።

በ2002 ቲም ፒተርስ የተባለው አሜሪካዊ ፕሮግራመር ለፓይተን ቋንቋ አዲስ የመደርደሪያ ዘዴ ሲጽፍ የተነሳው ከዚህ ነው። ሰዎች በእውነት የሚደረድሩት ዳታ እንደ ሎተሪ ዕጣ የተበጠበጠ አይደለም። የባንክ ግብይት የሚመዘገበው በሰዓቱ ቅደም ተከተል ነው። ትናንት የተደረደረ ሰንጠረዥ ዛሬ መጨረሻው ላይ ጥቂት አዳዲስ መስመሮች ተጨምረውበት ይመጣል። አንዳንዱ ፋይል ከአዲሱ ወደ አሮጌው ተገልብጦ ይገኛል። ፒተርስ ፒተር ማክኢልሮይ የተባለው ተመራማሪ በ1993 ካሳተመው ሥራ ሐሳብ ወስዶ፣ እነዚህን ዝግጁ ቅደም ተከተሎች ፈልጎ የሚጠቀም ዘዴ ሠራ። ስሙንም በገዛ ስሙ፣ በቀልድም ጭምር፣ «ቲምሶርት» አለው። ዘዴው በ2003 በወጣው ፓይተን 2.3 ውስጥ ገባ።

አሠራሩን ለማየት 12 ቁጥሮች ይበቃሉ፦ 3፣ 8፣ 15፣ 21፣ 40፣ 19፣ 12፣ 7፣ 5፣ 6፣ 9፣ 30። ቲምሶርት ምንም ከማንቀሳቀሱ በፊት ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ከ3 እስከ 40 ያሉት እየጨመሩ ስለሚሄዱ አንድ ተርታ ናቸው። 19 ሲመጣ ተርታው ይቋረጣል። ከዚያ 19፣ 12፣ 7፣ 5 እየቀነሱ ይወርዳሉ፤ ይህም ተርታ ነው፣ የጎደለው መገልበጥ ብቻ ነው፤ ወዲያው 5፣ 7፣ 12፣ 19 ይሆናል። ቀሪዎቹ 6፣ 9 እና 30 ሦስተኛው ተርታ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ያስፈለገው 11 ንጽጽር ነው። የቀረው ሦስት ተርታ ማዋሃድ ብቻ ነው፣ ልክ እንደ መምህሩ ሦስት ወረቀቶች።

በእርግጥ ዝርዝሩ ከ64 ካነሰ ቲምሶርት ማዋሃድ ውስጥ አይገባም፤ በትንሹ ቀላል ዘዴ ስለሚፈጥን፣ እያንዳንዱን ቁጥር ቦታውን ፈልጎ እየሰካ ይጨርሳል። በትልልቅ ዝርዝሮችም ይህንኑ መሰካት ይጠቀምበታል። የተፈጥሮ ተርታው አጭር ሆኖ ሲያገኘው፣ ተከታዮቹን ቁጥሮች እየሰካ ርዝመቱን በ32 እና በ64 መካከል ወደሚገኝ ልክ ያደርሰዋል። በጣም የተቆራረጠ ዳታ እልፍ አእላፍ ጥቃቅን ተርታዎች እንዳይፈጥር የሚከላከለው ይህ ነው።

ቀጣዩ ጥያቄ የትኛው ከየትኛው ይዋሃድ የሚለው ነው። አንድ ሺህ ቁጥር ያለውን ተርታ በየጊዜው ከአሥር አሥር ቁጥር ጋር ማዋሃድ፣ ትልቁን ደጋግሞ ማገላበጥ ስለሆነ ያከስራል። ስለዚህ ቲምሶርት የተገኙትን ተርታዎች በክምር ያስቀምጥና ሕግ ያከብራል፦ ከላይ ካሉት ሦስቱ የታችኛው ከሁለቱ ድምር መብለጥ አለበት፤ መካከለኛውም ከላይኛው መብለጥ አለበት። ሕጉ ሲፈርስ መካከለኛው ከጎረቤቶቹ ከአነስተኛው ጋር ይዋሃዳል። በምሳሌያችን የተርታዎቹ ርዝመት 5፣ 4 እና 3 ነው። 5 ከ4 እና ከ3 ድምር ስለሚያንስ 4 እና 3 ይዋሃዳሉ፤ የሚወጣው 7 ቁጥር ያለው ተርታ ከ5ቱ ጋር ይጣመራል። አብዛኛውን ጊዜ ተመጣጣኝ የሆኑት ከተመጣጣኞቻቸው ጋር ይገናኛሉ።

ማዋሃዱ ራሱም ብልኃት አለው። 5፣ 7፣ 12፣ 19 ከ6፣ 9፣ 30 ጋር ሲዋሃዱ፣ ቲምሶርት መጀመሪያ 6 በግራው ተርታ የት እንደሚገባ ይፈልጋል፤ ከ5 ቀጥሎ ነው፣ ስለዚህ 5 ካለበት አይነካም። 19 በቀኙ ተርታ የት እንደሚገባ ሲፈልግም 30 በቦታው መሆኑን ያውቃል። የሚሠራው መካከል ላይ ላሉት ብቻ ነው።

ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ግን በትልልቅ ዳታ ላይ ነው። አንድ ሚሊዮን የተደረደሩ ቁጥሮች መጨረሻ ላይ 1,000 የተበጠበጡ አዳዲስ ቁጥሮች ተጨመሩ እንበል። የመጀመሪያው ንባብ በአንድ ሚሊዮን ያህል ንጽጽር ትልቁን ተርታ በሙሉ ያገኘዋል። ክምሩ ላይ ያለው ሕግ ትልቁን ከሥር አስቀምጦ፣ አዳዲሶቹ እርስ በርሳቸው ተዋህደው አንድ ተርታ እስኪሆኑ ድረስ አይነካውም። ለዚህ የሚወጣው 10 ሺህ አካባቢ ንጽጽር ነው። በመጨረሻም የ1,000ውን ተርታ ወደ ሚሊዮኑ ያስገባል።

እዚህ ላይ ቲምሶርት መራመዱን ትቶ ይጋልባል። ከሁለቱ ተርታዎች አንዱ በተከታታይ ሰባት ጊዜ ካሸነፈ፣ ገና ብዙ ሳያሸንፍ እንደማይቀር ይገምትና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ማነጻጸር ያቆማል። አንድ፣ ሦስት፣ ሰባት፣ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ አንድ ቦታ እያለ እርምጃውን በእጥፍ እያሰፋ ይዘላል። ካለፈው በኋላ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዝላዮች መካከል ያለውን ግማሽ ግማሽ እያደረገ ትክክለኛውን ቦታ ይይዛል። 600 ቁጥሮችን ለመዝለል የሚያስፈልገው 600 ንጽጽር ሳይሆን 20 ያህል ነው። ለ1,000ዎቹ አዳዲስ ቁጥሮች ድምሩ ከ20 ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው ሥራ ከአንድ ሚሊዮን ንጽጽር ብዙም ሳይርቅ ያልቃል። ያው ብዛት ያለው ዳታ ሙሉ በሙሉ የተበጠበጠ ቢሆን ግን፣ በማነጻጸር የሚሠራ የትኛውም ዘዴ በአማካይ ከ18 ሚሊዮን በታች ሊወርድ አይችልም።

ፍጥነት ብቻ አይደለም። የአንድ ክፍል ተማሪዎች መጀመሪያ በስም፣ ቀጥሎ በውጤት ቢደረደሩ፣ 85 ያገኙት ሁሉ በመካከላቸው የስም ተራቸውን እንደያዙ መቆየት አለባቸው። ቲምሶርት እኩል የሆኑትን ቦታ አያለዋውጥም። እየቀነሰ የሚሄድ ተርታ ሲገለብጥ የሚጠነቀቀውም ለዚህ ነው፦ በውስጡ ሁለት እኩል ቁጥሮች ካሉ አንድ ተርታ አድርጎ አይገለብጠውም፤ ቢገለብጠው የፊተኛው የኋለኛ ይሆናልና።

ዘዴው ወሰን አለው። ለማዋሃድ ተጨማሪ ሜሞሪ ይፈልጋል፤ የሚገለብጠው ከሁለቱ ተርታዎች አነስተኛውን ብቻ ቢሆንም፣ ይህ እስከ ዝርዝሩ ግማሽ ሊደርስ ይችላል። ዳታው በእውነት የተበጠበጠ ከሆነም የሚጠቀምበት ተርታ አያገኝም፤ መጋለቡም ስለማያዋጣ ደፉን ከሰባት በላይ እያሳደገ ወደ ተራ እርምጃው ይመለሳል። ጃቫ በ2011 በወጣው 7ኛ እትሙ ቲምሶርትን ለኦብጀክቶች ሲወስድ፣ ለተራ ቁጥሮች ግን የኩዊክ ሶርትን አንድ ዝርያ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ተራ ቁጥሮችን ማነጻጸር ርካሽ ነው፣ እኩል ቁጥሮችም ቦታ ቢለዋወጡ ማንም አያውቅም።

አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ያላየው ስህተትም ነበረበት። በ2015 የኔዘርላንድና የጀርመን ተመራማሪዎች ኪ በሚባል መሣሪያ የጃቫው ኮድ ትክክል መሆኑን በሒሳብ ሊያረጋግጡ ተነሱ፤ ማረጋገጫው አልሠራ አላቸው። ምክንያቱን ሲመረምሩ፣ ኮዱ የክምሩን ሕግ የሚፈትሸው ከላይ ባሉት ሦስት ተርታዎች ላይ ብቻ መሆኑን አገኙ። አንድ ውህደት ከዚያ በታች ያለውን ሕግ ሊያፈርስ ይችላል። ጃቫ ደግሞ ሕጉ ሁልጊዜ ይከበራል ብሎ ለክምሩ የተወሰነ ቦታ ብቻ ነበር የመደበለት። ተመራማሪዎቹ ሆን ብለው ያዘጋጁት 67,108,864 ቁጥሮች ያሉት ዝርዝር ክምሩን ከቦታው አስተርፎ ፕሮግራሙን አቋረጠው። የፓይተን አዘጋጆች ፍተሻውን አንድ ደረጃ ወደታች በማውረድ አረሙት፤ የጃቫዎቹ ለክምሩ ቦታ መጨመርን መረጡ። በ2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ያ የተጨመረው ቦታም እንደማይበቃ አሳዩ፤ ጃቫም እንደገና ታረመ።

በዚያው በ2018 የጉግል ክሮም ብራውዘር የጃቫስክሪፕት ሞተር ወደ ቲምሶርት ተሻገረ። አንድሮይድም ከዚያ አስቀድሞ ይጠቀምበት ነበር። በዚያው ዓመት ኢያን ሙንሮና ሴባስቲያን ዊልድ ተርታዎችን በየትኛው ቅደም ተከተል ማዋሃድ እንደሚሻል የሚወስን «ፓወርሶርት» የተባለ የተሻለ ደንብ አቀረቡ። በ2022 የወጣው ፓይተን 3.11 የፒተርስን የክምር ሕግ በዚህ ተክቶታል። ተርታ ፍለጋው፣ መሰካቱና ግልቢያው ግን በ2002 ከተጻፉት ብዙም ሳይርቁ አሁንም ይሠራሉ።