ከከፈሉ በኋላ ሐሳብ ሲቀየር

ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት እህት ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ላለው ወንድሟ የ80 ዶላር ጫማ በኦንላይን ገዛች እንበል። ቅዳሜ የሚበር ዘመድ አለ፤ ጫማው እስከ ዓርብ ከደረሰ በእሱ ሻንጣ ይሄዳል። ከፍላ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወንድሟ ይደውልና የእግሩ ቁጥር 42 ሳይሆን 43 መሆኑን ይነግራታል። ወዲያው ወደ ድረ ገጹ ትመለሳለች፤ መሰረዣው ግን የለም። ለሻጩ ትጽፋለች። ከሰዓት በኋላ መልስ ይመጣል፦ «ትዕዛዝዎ በዝግጅት ላይ ስለሆነ መሰረዝ አንችልም። ዕቃው ሲደርስዎት መልሰው ይላኩልን።»

ገና ከመጋዘን ያልወጣ ዕቃ እኮ ነው! ደጄ ድረስ አምጥታችሁ እንደገና ልመልስላችሁ ማለት ምን ማለት ነው? ንዴቷ ተገቢ ነው። ሻጩም ግን ብዙ ጊዜ የሚለው እውነቱን ነው። ሁለቱ ሊግባቡ ያልቻሉት «ገና አልተላከም» የሚለው ነገር ለገዢው አንድ ባዶ የጥበቃ ጊዜ መስሎ ስለሚታየው፣ ለሻጩ ደግሞ ሥራው ሁሉ የሚያልቀው በዚያች ሰዓት ውስጥ ስለሆነ ነው።

ከገንዘቡ እንጀምር። እህታችን «ክፈል» የሚለውን ስትጫን 80 ዶላሩ ያኔውኑ ሻጩ ኪስ አልገባም። ባንኳ «ገንዘቡ አላት» ብሎ አረጋገጠና ያንን ያህል ሒሳቧ ላይ ያዘባት። አንዳንድ ሻጮች የተያዘውን ገንዘብ የሚወስዱት ዕቃውን ሲልኩ ነው፤ ሌሎች ግን ወዲያው ይወስዱታል። ሻጩ ገና ያልወሰደው ከሆነ ስረዛው ቀላል ነው፤ እገዳው ይነሣል፣ በቃ። በዚህ ጊዜ በባንክ መግለጫው ላይ «ተመላሽ» የሚል መስመር አይመጣም፤ የተያዘው ገንዘብ ከጥቂት ቀናት በኋላ ዝም ብሎ ይለቀቃል። ተመላሹን እየፈለጉ ባንክ ጋር የሚጨቃጨቁ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት ነገር ከመጀመሪያውም ሊመጣ የማይችል ነው። በተለይ በዴቢት ካርድ ለከፈለ ሰው የተያዘ ገንዘብ የጠፋ ገንዘብ ይመስለዋል።

ሻጩ ገንዘቡን ወስዶ ከሆነ ግን መመለሱ ራሱን የቻለ ወጪ አለው። ለምሳሌ ስትራይፕ የተባለው የክፍያ አስተላላፊ አሜሪካ ውስጥ በመደበኛ ዋጋው ከእያንዳንዱ የካርድ ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። ከ80 ዶላር ላይ ይህ 2 ዶላር ከ62 ሳንቲም ነው። ሻጩ ሙሉውን 80 ዶላር ሲመልስ ይህቺ ቁራጭ አትመለስለትም። ምንም ሳይሸጥ ከፈለ ማለት ነው። ለትልቅ ኩባንያ ኢምንት ናት፤ በቀን አሥር ትዕዛዝ ለሚያስተናግድ አነስተኛ ነጋዴ ግን ትሰማለች።

እውነተኛው ችግር ያለው ግን መጋዘኑ ውስጥ ነው። ትዕዛዙ ከድረ ገጹ ወደ መጋዘኑ ሶፍትዌር ይተላለፋል። ሶፍትዌሩ በመደርደሪያው ላይ ካሉት ጥንድ ጫማዎች አንዱን ለዚህች ገዢ ይመድባል፤ ከዚያ ቅጽበት ጀምሮ ያ ጫማ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ቀጥሎ ትዕዛዟ ከሌሎች በርካታ ትዕዛዞች ጋር በአንድ ዙር ይታሰራል። ሠራተኛው በእጁ ስካነር ይዞ፣ ጋሪ እየገፋ፣ የብዙ ሰዎችን ዕቃ በአንድ ጉዞ ከየመደርደሪያው ይለቅማል። የተለቀመው ወደ ማሸጊያ ጠረጴዛ ይሄዳል፤ ካርቶን ውስጥ ይገባል፣ አድራሻና ባርኮድ ያለው ወረቀት ይለጠፍበታል፣ የአጓጓዡ መኪና ማታ መጥቶ እስኪጭነው ከመሰሎቹ ጋር ይቆለላል። በደንብ በተደራጀ መጋዘን ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊያልቅ ይችላል።

አሁን ከዚህ መካከል የአንዲትን ሴት ጫማ ፈልጋችሁ አውጡ ይባል። አውቶቡስ ተራ ላይ ተጭኖ ሊነሣ ከተቃረበ መኪና ጣሪያ ላይ የአንድ ተሳፋሪን ሻንጣ ፈልጎ እንደማውረድ ነው። ይቻላል፤ ግን ሥራ ይቆማል። ሰው ከጠረጴዛው ተነሥቶ ካርቶኑን ይፈልጋል፣ የተለጠፈው ወረቀት ይሰረዛል፣ ጫማው ወደ መደርደሪያው ተመልሶ እንደገና ይቆጠራል። ሻጩን ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው። ገንዘቡን መለሰ፣ መልእክቱ ግን መጋዘን የደረሰው መኪናው ከሄደ በኋላ ነው እንበል። ገዢዋ ጫማውም ገንዘቡም አላት፤ ሻጩ ሁለቱንም አጥቷል። ይህ የደረሰበት ነጋዴ ከዚያ ወዲያ ጫማው ገና ጠረጴዛ ላይ ቢሆን እንኳ «ሲደርስዎት ይመልሱ» ነው የሚለው። መልሶ መላክ ለሁለቱም ቢያስከፍል እንኳ ጫማው የት እንዳለ ይታወቃል፤ ገንዘቡ የሚመለሰውም ጫማው ከተገኘ በኋላ ነው።

በዚያ ላይ ብዙ ሻጮች መጋዘኑ የራሳቸው አይደለም። ዕቃቸውን ለሌላ ድርጅት ያስረክባሉ፤ ያ ድርጅት ለያንዳንዱ ትዕዛዝ እያስከፈለ ያሽግላቸዋል፣ ይልክላቸዋል። ሻጩ ካርቶኑን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ዕቃ ሳያከማቹ ትዕዛዝ ሲመጣ ብቻ ከአምራች የሚገዙም አሉ፤ እነዚህ «ጀምረነዋል» ሲሉ እኛም ለሌላ ሰው ከፍለናል ማለታቸው ነው።

እዚህ ላይ ግን ለሻጮች የማልከራከርበት አንድ ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ Processing የሚል መታየቱ ብቻውን ሥራ መጀመሩን አያረጋግጥም። ብዙ አነስተኛ ሱቆች የሚጠቀሙበት ዉኮሜርስ የተባለ ሶፍትዌር ትዕዛዙን Processing የሚለው ክፍያ እንደገባና ዕቃው ከክምችት እንደተቀነሰ ነው፤ ማንም እጁን ባያነሣም። ይኸው ሶፍትዌር፣ ባለሱቁ ካልቀየረው በቀር፣ መሰረዣውን ለደንበኛው የሚያሳየው ክፍያው ላልተጠናቀቀ ወይም ላልተሳካ ትዕዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ከክፍያ በኋላ መሰረዣው የጠፋው ባለሱቁ አስቦ ስለከለከለ ላይሆን ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ሲመጣ እንዲያ ሆኖ ስለመጣ ነው። ለዚህ ነው መሰረዣ ባይታይም ወዲያው መጻፍ የሚያዋጣው። እሑድ ሌሊት የታዘዘ ዕቃ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛ እስኪገባ ድረስ ማንም ሳይነካው ሊያድር ይችላል።

በልክ የሚሠራ ዕቃ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሽሮ ሜዳ ላለ ነጋዴ ከዋሽንግተን ልኳን ልካ የሐበሻ ቀሚስ ያዘዘች ሴት፣ ድሩ ተደርቶ ጥበቡ መሠራት ከጀመረ በኋላ «ቀለሙን ቀይሬዋለሁ» ብትል፣ ያ ቀሚስ ወደ መደርደሪያ የሚመለስ ዕቃ አይደለም። በእሷ ቁመትና ወገብ የተሠራውን ሌላ ማን ይለብሰዋል? በአገራችን ለዚህ ዓይነቱ ውል የቆየ መፍትሔ አለ፤ ቀብድ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1885፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ እንደሚችል፣ የተቀበለው ደግሞ ማፍረስ ከፈለገ እጥፉን መመለስ እንዳለበት ይደነግጋል። ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ግን ይህን መውጫ በቀላሉ አያገኘውም። በልክ ሲያዝዙ ቀብድ ብቻ ሰጥቶ ቀሪውን ሲላክ መክፈል፣ ቀብድ መሆኑንም በመልእክት ላይ በግልጽ መጻፍ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በልክ በሚሠራ ዕቃ ላይ እንዲያውም የባሰ ጥብቅ ነው። ጀርመን ውስጥ አንዲት ሴት በንግድ ትርኢት ላይ በልኳ የሚሠራ ኩሽና አዝዛ ሐሳቧን ቀየረች። ኩባንያው ገና አንድም ክፍል መሥራት አልጀመረም ነበር። ጉዳዩ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2020 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወሰነው፣ በገዢው ምርጫ ተለክቶ ለሚሠራ ዕቃ ሥራው መጀመሩም አለመጀመሩም ለውጥ እንደማያመጣ ነው፤ የመሰረዝ መብቱ ከመጀመሪያውም የለም። ለተራ ዕቃ ግን ነገሩ በተቃራኒው ነው። በኅብረቱ አገሮችም ሆነ በብሪታንያ በኦንላይን የገዛ ሸማች ዕቃው ከደረሰው ቀን ጀምሮ እስከ 14 ቀን ድረስ ምክንያት ሳይሰጥ መተው ይችላል፤ ዕቃው ሳይደርሰውም መተዉን ማሳወቅ ይችላል። ሻጩ «ዝግጅት ጀምረናል» ብሎ ይህን መብት ሊነሣው አይችልም። ዕቃውን ቢልከው እንኳ ሲመለስለት ዋጋውን ከመደበኛው የማድረሻ ክፍያ ጋር ይመልሳል።

እስራኤል ውስጥም የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ለርቀት ግዢ የ14 ቀን መብት ይሰጣል፤ ሻጩ የሚቆርጠው የስረዛ ክፍያ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሰቅል፣ ከሁለቱ ካነሰው፣ አይበልጥም። ብዙ ወገኖቻችን የማያውቁት ደግሞ ይህ ነው፦ ዓሊያ ካደረገ አምስት ዓመት ያልሞላው ሰው፣ ዕድሜው 65 የሞላ ሰውና አካል ጉዳተኛ፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በስልክ ወይም በጽሑፍ በመነጋገር የተፈጸመ ከሆነ፣ ጊዜው ወደ አራት ወር ይረዝምላቸዋል።

አሜሪካ ያለችው እህታችን ግን እንዲህ ያለ ጥላ የላትም። በፌዴራል ደረጃ የኦንላይን ግዢን ሐሳብ ቀይሮ የመሰረዝ አጠቃላይ መብት የለም፤ የሚገዛው የሻጩ የራሱ ደንብ ነው። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ደንብ የሚያስገድደው ሌላ ነገር ነው። ሻጩ ዕቃውን በነገራት ጊዜ ውስጥ፣ ጊዜ ካልጠቀሰ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ካልቻለ መዘግየቱን አሳውቆ ሰርዛ ገንዘቧን እንድትወስድ ምርጫ ይሰጣታል። የእሷ ጫማ አልዘገየም፤ እንዲያውም የፈጠነው ነው ችግር የሆነባት።

ታዲያ ምን ታድርግ? ባንክ ደውላ «ክፍያውን ተቃወሙልኝ» ማለት አይበጃትም፤ ሻጩ የላከበትን የክትትል ቁጥር አቅርቦ ሊረታት ይችላል፣ ሁለተኛም ላይሸጥላት ይችላል። የሚሻለው ከስረዛ ይልቅ ቁጥሩን እንዲለውጡላት መጠየቅ ነው፤ ሻጩ ሽያጩን ስለማያጣ ፈቃደኛ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። መልእክቷ አጭር ይሁን፤ የትዕዛዙ ቁጥር ከላይ፣ ጥያቄው ከሥር። እምቢ ካሏትና ጫማው በአሜሪካ ፖስታ ከመጣ፣ ሳትከፍተው ላለመቀበል መምረጥ ትችላለች፤ ወደ ላኪው ይመለሳል። ይህን ከማድረጓ በፊት ግን የሻጩ ደንብ እንዲህ ለተመለሰ ዕቃ ምን ያህል እንደሚቆርጥ ታንብብ። አውሮፓ ያለ ሰው ደግሞ ጥቅሉን አልቀበልም ብሎ ዝም ማለቱ አይበቃውም፤ ሕጉ መተዉን በግልጽ ማሳወቅ ይጠይቃል። «የዚህን ቁጥር ትዕዛዝ ትቻለሁ» የምትል አንድ መስመር ኢሜይል ልኮ፣ የተላከበትን ቀንና ሰዓት ከሚያሳየው ቅጂ ጋር ማስቀመጥ ይኖርበታል።