ከስክሪን ቅጂ ወደ ትምህርታዊ ቪዲዮ

በኤክሴል ተቆልቋይ ዝርዝር አሠራርን የሚያሳይ የስክሪን ቅጂ አራት ደቂቃ ቢፈጅ፣ ትምህርቱ ያለው ከግማሹ ባነሰው ላይ ሊሆን ይችላል። ቀሪው ፋይል እስኪከፈት መጠበቅ፣ ማውስ ማንከራተትና ተሳስቶ የተጻፈን ማጥፋት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከመቁረጥ ነው፤ ዙም ቀድሞ ከገባ በኋላ የሚደረግ ቆረጣ ዙሙን ከቦታው ሊያዛንፈው ይችላል። የሚቆረጠው ጠቋሚው በቆመበት ቅጽበት ነው፤ አለዚያ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ዘሎ ይታያል። የ Data Validation መስኮት ሲከፈት ግን ለማንበቢያ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይተዋል። ይህ ባዶ ጊዜ አይደለም፤ መቁረጥ የለመደ እጅ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው።

ዙሙ ከጠቅታው ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀድሞ ይጠናቀቃል፤ የ Source ሳጥን ተሞልቶ OK እስኪጫንም አይነቃነቅም። በ3840 በ2160 ፒክስል የተቀዳ ምስል በ1920 በ1080 ሲወጣ እስከ ሁለት እጥፍ ቢቀርብም ጥራቱን ይጠብቃል፤ ከዚያ ካለፈ ፊደሉ መደብዘዝ ይጀምራል።

ለጠቋሚው ጽሑፍ የማይሸፍን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ክብ ይበቃል። ካምታዚያ ጠቋሚውን ለብቻው ስለሚመዘግብ ክቡ በኋላም ይጨመራል። በኦቢኤስ ሲቀዳ ግን ጠቋሚው ከምስሉ ጋር ስለሚዋሃድ፣ ማድመቂያው ከቀረጻው በፊት መዘጋጀት አለበት።