በቻርልስ ወንዝ ዳር የተገኘ መልስ

በ1997 እ.ኤ.አ. ክረምት አንድ የምረቃ ንግግር በኢሜይል ከአገር አገር ተዛመተ። ደራሲው ኩርት ቮኔጉት በአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ በአጭሩ ኤም.አይ.ቲ.፣ ያሰሙት ነው ተባለ። ጽሑፉ ግን የቺካጎ ትሪቢዩን አምደኛዋ ሜሪ ሽሚች በጋዜጣዋ ያወጣችው ነበር እንጂ በየትኛውም መድረክ የተነበበ አልነበረም። የዚያን ዓመት የኤም.አይ.ቲ. ተመራቂዎች ያዳመጡት ኮፊ አናንን ነው። ለእኔ የሚበልጠውም ያ ብዙ ሰው ያልሰማው ንግግር ነው።

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር 1989 ዓ.ም. ግንቦት ማብቂያ ላይ ይውላል። አናን የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ከሆኑ ገና አምስት ወራቸው ነበር። ከንግግሩ የሚበዛው ስለ ድርጅቱና ስለ ሳይንስ ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን ስለ ራሳቸው የተናገሩት አጭር ክፍል ነው።

አናን በዚያው ተቋም የተማሩት ከ1971 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ነው። ሲገቡ 33 ዓመታቸው ነበር፤ ቀደም ሲል ጄኔቫ በዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዚያም እዚሁ አዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሠርተዋል። የገቡበት የሥራ አመራር ትምህርት ሥራ ላይ የቆዩና በየመስካቸው የተመሰከረላቸውን ሰዎች የሚሰበስብ ነው። በክፍሉ ፉክክሩ ብርቱ ነበር፤ ሁሉም ትምህርቱን መዝለቅ ብቻ ሳይሆን መሪነቱንም ማሳየት ይፈልጋል። አናን ተጨነቁ። አንድ ቀን በቻርልስ ወንዝ ዳር እየተራመዱ፣ በእነዚህ ሁሉ ጎበዞች መካከል እንዴት እዘልቃለሁ ብለው ራሳቸውን ጠየቁ። የመጣላቸው መልስ በእነሱ ሕግ አለመጫወት ነው። የራሴን ኮምፓስ ልከተል አሉ፤ ጭንቀታቸውም ቀስ በቀስ ቀለለ።

ለተመራቂዎቹ ያስተላለፉት ሐሳብም ከዚሁ የሚቀዳ ነው። መኖር መምረጥ ነው፤ ደህና አድርጎ ለመምረጥ ግን ሰው ማን እንደሆነ፣ ለምን ነገር እንደሚቆም፣ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግና እዚያ መድረስ የሚሻው ለምን እንደሆነ ማወቅ አለበት አሉ። የጥያቄዎቹን ቅደም ተከተል ልብ እላለሁ። ብዙዎቻችን የምንጀምረው ከሦስተኛው ነው፤ እሱንም የምንመልሰው የክፍል ጓደኞቻችን የት እንደገቡ አይተን ነው።

የእህቴ ልጅ ዓምና በአካውንቲንግ ስትመረቅ ይህንኑ አየሁ። የክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ በየቀኑ ሥራ ያገኘ ሰው ፎቶ ይወጣበታል፣ ከሥሩ እንኳን ደስ አለህ ይደረደራል። እሷ በሁለት ወር ውስጥ ለ11 ባንኮች አመልክታ ነበር። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን አራቱን ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጻፍንና ከእያንዳንዱ ባንክ ጎን «ለምን?» የሚለውን እንድትሞላ ጠየቅኋት። ሁለቱ ላይ ምክንያት ጻፈች፤ ዘጠኙ ላይ የጻፈችው የጓደኞቿን ስም ነው። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ ልምምድ በወጣችበት ቢሮ በጣም የወደደችው ሒሳቡ የተዛነፈበትን ደረሰኝ ፈልጎ ማግኘት እንደነበር ነገረችኝ። ያ የኦዲት ሥራ ነው። ባንክ ገንዘብ ተቀባይ መሆን ከዚያ ጋር ብዙም አይገናኝም።

ንግግሩ የማይሸፍነውን መናገርም ተገቢ ነው። አናን በወንዙ ዳር ሲራመዱ የዓመታት የሥራ ልምድ ነበራቸው። የቤት ኪራይ የሚጠብቀው ወይም ታናናሾቹን የሚያግዝ ተመራቂ የመጀመሪያ ሥራውን የሚመርጠው በደመወዙ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ደግሞ ጥፋት አይደለም። አራተኛው ጥያቄ እዚህም ይሠራል። «እናቴን ለማገዝ» ሙሉ መልስ ነው፤ «እነ እገሌ ስለገቡ» ግን መልስ አይደለም። ልጅቷም ሁለቱን ባንኮች አላስቀረችም፤ በዘጠኙ ምትክ ሦስት የኦዲት ድርጅቶች ጨመረች።

የአናን መንገድ ራሱ ቀጥ ያለ አልነበረም። ማስተርሳቸውን ከያዙ በኋላ በ1974 እ.ኤ.አ. ወደ ጋና ተመልሰው እስከ 1976 በአገራቸው የቱሪዝም ሥራ መሩ። ከዚያ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ተመለሱ፤ ስደተኞችን በሚመለከተው ኮሚሽን፣ በሰው ኃይል፣ በበጀት፣ በኋላም በሰላም ማስከበር ሠሩ። ከቱሪዝሙ ተነስቶ ዋና ጸሐፊነቱን መገመት የሚችል ማንም አልነበረም።

የእህቴ ልጅ ከአንደኛው የኦዲት ድርጅት በረዳትነት ተቀጠረች። ደመወዙ ከባንኮቹ ያንሳል፤ ይህን እናቷ እስካሁን ታነሳባታለች። ባለፈው እሑድ መጥታ አንድ የመጋዘን ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መመዝገቡን እንዴት እንደደረሰችበት እስኪመሽ ድረስ ስትነግረኝ ስልኳን አንድም ጊዜ አላወጣችም።