ዝም ያለ ውል ለማን ያደላል?

እ.ኤ.አ. በ1985 መገባደጃ፣ ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሚሟገት አንድ የዋሽንግተን ዲሲ ማኅበር ለገና ሰሞን የሚታይ ሐውልት ፈለገ። ሐሳቡ፣ ሁለት ጎልማሶችና አንድ ሕፃን መንገድ ዳር ባለ የእንፋሎት መውጫ ፍርግርግ ላይ ተጠጋግተው ሲሞቁ ማሳየት ነበር። የማኅበሩ መሪ ሚች ስናይደር የባልቲሞሩን ቀራፂ ጄምስ ኧርል ሪድን አነጋገረ። ሪድ የእጅ ዋጋ ላይጠይቅ፣ ሌላው ወጪ ደግሞ ከ15,000 ዶላር ላይበልጥ ተስማሙ። የቅጅ መብቱ የማን እንደሚሆን ግን አንዳቸውም አላነሱም፤ የተፈረመ ወረቀትም አልነበረም።

ሐውልቱ ለአንድ ወር ያህል ከታየ በኋላ ለጥቃቅን ጥገና ወደ ሪድ ስቱዲዮ ተመለሰ። ስናይደር ከከተማ ከተማ ሊያዞረው አሰበ። ሪድ ደግሞ ቁሱ ጉዞውን አይችልም ብሎ ተቃወመ፤ ሥራውን መልስ ሲባልም እምቢ አለ። ሁለቱም የቅጅ መብቱ የእኔ ነው ብለው አመለከቱ፤ ክሱም እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1989 ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ሪድ ተቀጣሪ አልነበረም አሉ። የሠራው በገዛ መሣሪያው፣ በገዛ ስቱዲዮው ነው፤ በየቀኑ የሚቆጣጠረው አልነበረም፤ ሥራው ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ማኅበሩ አሠሪ ነኝ ብሎ የመብቱ ባለቤት ሊሆን አልቻለም። ጉዳዩ በመጨረሻ በስምምነት ሲዘጋ ሐውልቱ ለማኅበሩ ቀረ፤ ሌላ ሐውልት አድርጎ የማባዛት መብት ለሪድ ብቻ ሆነ፤ በፎቶና በሥዕል የማባዛቱን መብት ተጋሩት። ከዚያም ሪድ ቅርጹን ለመቅዳት ሐውልቱ ጋ ልድረስ ሲል ማኅበሩ ስለከለከለው እንደገና ፍርድ ቤት ቆሙ።

ገንዘብ የከፈለ ሰው ዕቃውን እንጂ የማባዛት መብቱን አብሮ አይገዛም፤ የአሜሪካ ሕግ አካሄድ ይህ ነው። መብቱ እንዲዞር ሠሪው የፈረመበት ጽሑፍ ያስፈልጋል።

የኢትዮጵያ ሕግ ግን ሌላ መንገድ ይዟል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ሥራው በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ ከሆነ፣ በውል ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ባለቤቱ አሠሪው ወይም አዛዡ ነው ይላል። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚሠራ ሐበሻ ዲዛይነርና አዲስ አበባ ያለ ባልደረባው አንድ ዓይነት ሎጎ ሠርተው ስለ መብቱ ዝም ቢሉ፣ ዝምታው የመጀመሪያውን ይጠቅማል፣ ሁለተኛውን ይጎዳል። አዲስ አበባ ያለው ሰው «እኔ ስለሠራሁት የእኔ ነው» ብሎ መተኛት የለበትም። የሚቀርለት የሞራል መብት ነው፤ የኢኮኖሚ መብቱ የሌላ ቢሆንም ሠሪነቱ እንዲታወቅ መጠየቅና ሥራው ስሙን በሚያጎድፍ መንገድ እንዳይበላሽ መቃወም ይችላል። ገንዘብ የሚያስገኘው መብት ግን ሄዷል።

እንበልና አንድ ዲዛይነር ለቡና ላኪ ድርጅት የማሸጊያ ከረጢት ይነድፋል። የመጀመሪያው ጥያቄ መብቱ ይተላለፋል ወይስ ፈቃድ ብቻ ይሰጣል የሚለው ነው። ማስተላለፍ ማለት ድርጅቱ ንድፉን በኩባያም በቲሸርትም እንዳሻው ያትማል ማለት ነው፤ ዋጋውም ያንን ማካተት አለበት። ፈቃድ ከሆነ መብቱ ከዲዛይነሩ ጋር ይቆያል፤ ድርጅቱ የሚጠቀመው በተጻፈው ልክ ነው። ለምሳሌ፦ «ዲዛይነሩ ለድርጅቱ ንድፉን በ250 ግራም የቡና ከረጢት ላይ፣ በኢትዮጵያና በጀርመን፣ ለሦስት ዓመት ብቸኛ ሆኖ እንዲጠቀምበት ፈቅዷል።» «ብቸኛ» የምትለዋን ማስገባት ወይም መተው ቀላል አይደለም፤ ከገባች ዲዛይነሩ ያንኑ ንድፍ ለዚያው አገልግሎት ለሌላ መስጠት አይችልም።

ብዙ ጠብ የሚነሳው ከክፍያ ነው። ቀብድ ተከፍሎ ቀሪው ሳይመጣ ከረጢቱ ገበያ ላይ ይታያል። መድኃኒቱ «መብቱ የሚተላለፈው የመጨረሻው ክፍያ በተፈጸመበት ቀን ነው» የሚል አንቀጽ ነው። ሊስተካከል የሚችለው ዋና ፋይል መሰጠት አለመሰጠቱም ይጻፍ፤ ደንበኞች አብዛኛውን ጊዜ ከዋጋው ውስጥ ያለ ይመስላቸዋል።

ፖርትፎሊዮን ብዙዎች ይረሱታል። መብቱን ያስተላለፈ ሰው የራሱን ሥራ በገጹ ለማሳየት እንኳ ፈቃድ ሊያስፈልገው ይችላል። ድርጅቱም ምርቱ ገበያ ሳይወጣ ንድፉ እንዳይታይበት መፈለጉ ተገቢ ነው። «ዲዛይነሩ ምርቱ ለገበያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ሥራውን በስሙ በፖርትፎሊዮውና በማኅበራዊ ገጾቹ ማሳየት ይችላል፤ ያልተመረጡ ንድፎችን ግን አያሳይም» የሚል ሐረግ ሁለቱንም ያስማማል።

የሰርግ ፎቶግራፍ አንሺ ተጨማሪ ጣጣ አለበት። የቅጅ መብቱን በውል ለራሱ ቢያስቀር እንኳ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሰው ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሕዝብ እንዳይታይ ይከለክላል። የሙሽሪትን ፎቶ ስቱዲዮው መስኮት ላይ ለመስቀል የራሷ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ሂሳቡን የከፈሉት አባቷ ቢሆኑም የእሳቸው ፊርማ የእሷን አይተካም።