ነጋዴው ብቻውን መጣ፦ የእንግሊዝኛ ፈተና ድርሰት እንዴት ይታረማል?

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ደጋውን ሲያቋርጥ ውሎ መካነ ሰላም ይደርሳል። መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አንዱ የሚገኘው በእርሷ ነው። ስለዚህም በማስተማርና በመሥሪያ ቤት ሥራ የሚኖሩ ብዙ ወጣቶች አሉባት። ከእነዚህም መካከል ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ አስበው፣ አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ለመቀመጥ እስከ አዲስ አበባ የሚጓዙ አይታጡም።

በቅርቡ በዚያች ከተማ ያገኘነው አንድ ወጣት ከእነዚህ አንዱ ነው። ሊማርበት የፈለገው ዩኒቨርሲቲ በጠቅላላው 6.5 ነጥብ፣ በየክፍሉም ከ6 የማያንስ ነጥብ ይጠይቃል። ወዳጃችን በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር የሚፈለገውን አግኝቶ ሳለ በጽሕፈት 5.5 ሆነበት። በዚች በግማሽ ነጥብ ምክንያት የዚያ ዓመት ዕድል አለፈው። ለፈተናው የከፈለው ገንዘብም ከወር ደመወዙ የሚበልጥ ነበር።

«የጻፍኩት ሁሉ ይገባል፤ እስቲ ተመልከቱልኝ፤ ምኑ ላይ ነው የተቀጣሁት?» ሲል ለልምምድ የጻፈውን ድርሰት አቀረበልን። አነበብነው። እውነትም የማይገባ ዐረፍተ ነገር አልነበረበትም። ነገር ግን ፈታኙ የሚመዝነው መግባቱን ብቻ አይደለም።

በዚህ ፈተና የጽሕፈቱ ክፍል አንድ ሰዓት ሲሆን ሁለት ጥያቄዎች አሉት። ሁለተኛው ከ250 ቃላት የማያንስ ድርሰት የሚጻፍበት ነው፤ 40 ደቂቃ እንዲሰጠው ይመከራል፤ ነጥቡም የመጀመሪያውን እጥፍ ይመዝናል። ፈታኙ ድርሰቱን በአራት ሚዛን ያየዋል፤ ይኸውም ጥያቄውን በመመለሱ፣ በሐሳቡ አቀማመጥና መያያዝ፣ በቃላቱ ሀብት፣ በሰዋስውም ስፋትና ትክክለኛነት ነው። አራቱም እኩል ሩብ ሩብ ይይዛሉ።

ከእነዚህ የሰዋስውን ሚዛን ብቻ ነጥለን እንመልከት። 6 የሚያገኝ ጸሐፊ ስሕተት ቢኖርበትም ስሕተቱ አንባቢን እምብዛም አያደናግርም። 7 የሚያገኘው ግን ምንም ስሕተት የሌለባቸው ዐረፍተ ነገሮች በብዛት የሚገኙበት ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በንጹሕ ዐረፍተ ነገሮች ብዛት ላይ ነው። ዐሥር ስሕተቶች በሦስት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቢከማቹ ሌሎቹ ንጹሕ ሆነው ይቀራሉ። ዐሥሩ በዐሥር ዐረፍተ ነገር ላይ ቢበተኑ ግን፣ ጥቃቅንም ቢሆኑ፣ ዐሥሩንም ያጎድፋሉ። የወዳጃችን ድርሰት የተጎዳው በዚህ ነበር።

የልምምዱ ጥያቄ መንግሥት ከከተማ ይልቅ ለገጠር መንገድ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አለበት በሚለው ሐሳብ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚጠይቅ ነበር። ከድርሰቱ መካከል አንዱ አንቀጽ አምስት ዐረፍተ ነገር አለው፤ እንዲህ ይላል፦

«ኦልዞ ሩራል ሮድስ አር ኤክስፔንሲቭ፣ በት ዜይ ሄልፕ ፋርመርስ። ሜኒ ፋርመር ኢን አወር ኤሪያ ግሮው ባርሊ። ዘ ሬይን ከምስ፣ ዘ ሮድ ክሎዝስ፣ ዘ ፕራይስ ፎልስ። ዘ ብሪጅ ዊች ዘ ገቨርመንት ቢልት ኢት ቼንጅድ ዚስ። ናው ትሬደር ከምስ ፍሮም ደሴ ኤንድ ብሪንግስ ዩስፉል ኢንፎርሜሽንስ።»

ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ያገሩን ነገር የሚያውቅ ሰው የጻፈው ነው። ሆኖም ከአምስቱ አንድም ንጹሕ ዐረፍተ ነገር የለም። ይበልጥ የገረመን ግን ስሕተቶቹ ሁሉ ከአማርኛችን የመጡ መሆናቸው ነው። ጸሐፊው ጥሩ አማርኛ በእንግሊዝኛ ቃላት ጽፏል ማለት ይቻላል።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ኦልዞ» እና «በት» አብረው ገብተዋል። እኛ «ምንም እንኳ ውድ ቢሆን፣ ነገር ግን ይጠቅማል» ስንል ሁለቱን ማያያዣዎች በአንድነት እናስኬዳቸዋለን። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ብቻ ነው የሚፈልገው፤ «በት» መውጣት አለበት።

በሁለተኛው «ሜኒ ፋርመር» ይላል። በአማርኛ «ብዙ ገበሬ»፣ «ሦስት በግ» ብንል ነውር የለበትም፤ ቁጥሩ ራሱ ብዛቱን ነግሮናልና። በእንግሊዝኛ ግን ብዛትን የሚያሳየው ቃል ቢኖርም ስሙ ደግሞ የብዙ ምልክቱን «ኤስ»ን መያዝ ይገባዋል፤ «ሜኒ ፋርመርስ» ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው። አማርኛ «ዝናቡ መጥቶ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ዋጋው ይወድቃል» እያለ እስከ መጨረሻው ግስ ድረስ በነጠላ ሰረዝ ይጓዛል። እንግሊዝኛው ግን እያንዳንዱ ባለቤትና ግስ ያለው ሐረግ ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ስለሆነ፣ በነጠላ ሰረዝ ብቻ ሊገጣጠም አይችልም። ማያያዣ ቃል ይፈልጋል፤ «ዌን ዘ ሬይን ከምስ፣ ዘ ሮድ ክሎዝስ ኤንድ ዘ ፕራይስ ፎልስ» ማለት ነው።

በአራተኛው «ኢት» ትርፍ ነው። እኛ «ድልድዩን መንግሥት ሠራው» ስንል ድልድዩን በስሙ ጠርተን በግሡ ጫፍ በ«ው» እንደገና እናስታውሰዋለን። በእንግሊዝኛው «ዊች» ድልድዩን አስቀድሞ ተክቶታልና ሁለተኛ ወኪል አያስፈልግም።

በአምስተኛው ሁለት ስሕተት አለ። «ኢንፎርሜሽን» በእንግሊዝኛ የማይቆጠር ስም ነው፤ እኛ «መረጃዎች» ስለምንል ብቻ «ኤስ» አይጨመርበትም። «አድቫይስ» እና «ኢኩዊፕመንት»ም እንዲሁ ናቸው። ሌላው ስሕተት ግን የብዙዎቻችን ነው። «ነጋዴ ከደሴ ይመጣል» በአማርኛ ሙሉ ንግግር ነው። በእንግሊዝኛ ግን የሚቆጠር ስም በነጠላ ሲነገር ያለ አጃቢ አይወጣም። ከፊቱ «ኤ» ወይም «ዘ» ወይም «ማይ»ን የመሰለ ቃል ይቅደመው፤ አለዚያ በ«ኤስ» ብዙ ይሁን። ስለዚህ «ትሬደርስ ከም» ቢል ይሻላል። ይህን ለወዳጃችን ስንነግረው፣ «ታዲያ ነጋዴው ብቻውን መጣ በሉኛ!» ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ በፈተና አዳራሽ እንዴት ይታረማል? ከ40ው ደቂቃ የመጨረሻው 5 ደቂቃ ለዚሁ ይቀመጥ። ድርሰቱን ከላይ ወደ ታች እንደ ደብዳቤ ማንበብ ብዙ አይጠቅምም፤ ጸሐፊው የሚያነበው በልቡ ያሰበውን እንጂ የጻፈውን አይደለምና። የሚሻለው ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ጀምሮ አንድ በአንድ ወደ መጀመሪያው መውጣት ነው። እንዲህ ሲሆን ሐሳቡ አይስብም፤ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ብቻውን ይታያል።

ሲታረምም ሁሉን ስሕተት በአንድ ጊዜ መፈለግ አይገባም። በመጀመሪያው ዙር ጣትን በየስሙ ላይ እያሳረፉ፣ «ይህ የሚቆጠር ነውን? አንድ ነው ወይስ ብዙ? አጃቢስ አለውን?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሁለተኛው ዙር በየነጠላ ሰረዙ ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን ማየት ነው። በሁለቱም ወገን ባለቤትና ግስ ካለ፣ በመካከሉም ሆነ በአንደኛው ወገን መጀመሪያ ማያያዣ ከሌለ፣ ስሕተት ነው። በሦስተኛው ዙር «ኦልዞ»፣ «ቢኮዝ» እና «ዊች» የተጻፉበትን ፈልጎ ትርፍ «በት»፣ «ሶ» ወይም «ኢት» ካለ መሰረዝ ነው።

ማረምም የራሱ ወጥመድ አለው። ወዳጃችን ስለ አጃቢው ከተነገረው በኋላ በሁለተኛው ቀን በጻፈው ላይ ለየስሙ ሁሉ «ዘ» ሰጠው፤ «ዘ ፒፕል ኒድ ዘ ዋተር» አለ። ስለ ሰው ሁሉና ስለ ውኃ በጠቅላላው ሲነገር ግን «ፒፕል ኒድ ዋተር» ብቻ ይበቃል። እንደዚሁም ነጠላ ሰረዝ ያስፈራው ሰው ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ ቢቆራርጥ ሌላ ነጥብ ያጣል፤ ፈታኙ የተወሳሰበ ዐረፍተ ነገር መሥራት መቻሉንም ይመዝናልና። መድኃኒቱ በማያያዣ በሚገባ መግጠም ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ደቂቃ ለሌላ ነገር ትሰጥ። ሰዋስው ሩብ ብቻ ነው ብለናል። በወዳጃችን መግቢያ ላይ «በሐሳቡ ፈጽሞ እስማማለሁ» የሚል ተጽፏል፤ በመደምደሚያው ደግሞ ከተማውም ገጠሩም እኩል ይገባቸዋል ይላል። ለሽማግሌ ማንንም ሳያስቀይም ማስታረቅ ያምርበታል፤ ፈታኙ ግን አቋሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ መሆኑን ነው የሚመለከተው። «በከፊል እስማማለሁ» ማለት ይቻላል፤ ከመግቢያው ጀምሮ እንዲያ ከተባለ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥያቄውን፣ ቀጥሎ መግቢያውን፣ ወዲያው መደምደሚያውን አከታትሎ ማንበብና ሦስቱ መስማማታቸውን ማየት ይገባል። ከጥያቄው ቃል በቃል የተገለበጠ ካለም ፈታኙ ለጸሐፊው ስለማይቈጥርለት በራስ ቃል ይለወጥ። ይህ ካልተስተካከለ አንድ «ኤስ» መጨመር ድርሰቱን አያድነውም።

እያንዳንዱ ሰው የየራሱ ስሕተት አለው። ስለዚህ ከፈተናው በፊት ሦስት ድርሰት ጽፎ፣ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ሰጥቶ፣ ሳያርም ከስሕተቱ ሥር ብቻ እንዲያሠምርበት መለመን መልካም ነው። ከዚያም ራሱ እያረመ የትኛው ስንት ጊዜ እንደ ተደጋገመ በወረቀት ይጻፈው። በፈተናው ቀን በመጀመሪያ የሚታደኑት ከዝርዝሩ ላይ የበዙት ናቸው።

ወዳጃችንም እንዲሁ አደረገ። በመጀመሪያው ድርሰት ከ16 ዐረፍተ ነገር ንጹሑ 4 ብቻ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባየነው ድርሰት ከ15ቱ 10ሩ ንጹሕ ሆኑ፤ መግቢያውና መደምደሚያውም ተስማምተዋል። የቀሩትን አምስቱን ራሱ ሲያሠምርባቸው ቆይቶ በአንዱ ላይ ቀና አለና፣ «ነጋዴው አሁንም ብቻውን መጥቶብኛል» አለን። ወዲያውም እስክሪብቶውን አንሥቶ አጃቢ ሰጠው።